ትንሿን ጥሪ አትለፋት

ልጄ፣

ትዳር ከያዝክ ገና ዓመት አልሞላህም። ቤትህ ሰላም እንደሆነ ነግረኸኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፍልህ ጠብ ሰምቼ አይደለም። ጠብ ከመምጣቱ በፊት ስለሚመጣ ነገር ልነግርህ ብዬ ነው።

ነገሩ ትንሽ ነው። ትንሽ ስለሆነም መካሪ የለውም። እኛ ሽማግሌዎች ሙሽራ ስንመክር ስለ ገንዘብ እንናገራለን፤ ስለ ታማኝነት፣ ስለ አማት፣ ስለ ቁጣ እንናገራለን። ባለቤትህ ስልኳን ዘርግታ «ይቺን እያት እስቲ» ስትልህ ምን ብለህ እንደምትመልስ ግን ማንም አይመክርህም። እኔ ዛሬ የምመክርህ ስለዚያች ብቻ ነው።

አብሮ የሚኖር ሰው ቀኑን ሙሉ ይጣራል፣ ልጄ። ስም እየጠራ አይደለም። ጠዋት በር ከፍታ «ዛሬ ደግሞ ጮቄ በጉም ጠፍቷል» ትላለች። የጉሙን ወሬ ልትነግርህ አይደለም፤ አንተም በመስኮት ታየዋለህ። ቀን ላይ የሰማችውን ቀልድ ማታ ትነግርሃለች። እህቷ የላከችላትን ፎቶ ታሳይሃለች። ወጡን አቅምሳ ፊትህን ታያለች። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ፎቶውም ፎቶ ነው። ከሥሩ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ «አለህ ወይ?» የሚል። አንተም ታደርገዋለህ። ከሥራ ስትመለስ «ኧረ ዛሬ የገጠመኝን ብነግርሽ» የምትለው ወሬው አንገብግቦህ አይደለም። አጠገብህ ሰው መኖሩን ማወቅ ፈልገህ ነው።

የአገራችን ሰው ይህን በጨዋታው ውስጥ ሳይቀር አስገብቶታል። ልጅ ሆነህ «እንቆቅልህ» ስትል፣ ሌላው «ምን አውቅልህ» ካላለ ጨዋታው አይጀመርም። ተረት የሚያወራውም «ተረት ተረት» ብሎ «የላም በረት» የሚለውን ይጠብቃል። በጎጃም ቅኔ ቤቶችም ቅኔው ባማረ ቁጥር ሰሚው «ይበል!» ይላል። ተናጋሪው ወደ ፊት የሚሄደው ሰሚ መኖሩን አረጋግጦ ነው። ቤትህ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ፣ በቤት ውስጥ «ምን አውቅልህ» በል ብሎ የሚያስታውስህ ልማድ አለመኖሩ ነው። አንተው ራስህ ማስታወስ አለብህ።

ይህን ጉዳይ ቁጭ ብሎ የቆጠረው ሰው አለ። ጆን ጎትማን ይባላል፤ በአሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር ነበር። እሱና ባልደረቦቹ አንድ ክፍል እንደ መኖሪያ ቤት አሰናዱ፤ ወጥ ቤት ያለው፣ ሶፋ ያለው፣ መስኮት ያለው። አዲስ ተጋቢዎችን እየጋበዙ ቀኑን እዚያ እንዲያሳልፉ ያደርጉ ነበር። ተጋቢዎቹ እንደ ቤታቸው ያበስላሉ፣ ይበላሉ፣ ያነባሉ፣ ያወራሉ። በፈቃዳቸው ካሜራ ይቀርጻቸዋል። ከዚያ አጥኚዎቹ ፊልሙን እያዩ፣ አንዱ ስንት ጊዜ ትንሽ ጥሪ እንዳቀረበና ሌላው ምን ብሎ እንደ መለሰ አንድ በአንድ ይመዘግባሉ።

መልሱን በሦስት ከፈሉት። አንደኛው ጥሪውን መቀበል ነው፤ ቀና ማለት፣ መሳቅ፣ «የታለች?» ማለት። ሁለተኛው እንዳልሰሙ ማለፍ ነው፤ ዝም ማለት፣ ወይም ስለ ሌላ ነገር መጠየቅ። ሦስተኛው ፊት መንሳት ነው፤ «ይሄ ምኑ ያስቃል?»፣ «ሥራ ፈት» ማለት።

ጎትማን 130 ጥንድ አዲስ ተጋቢዎችን ተከታትሎ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ማን አብሮ እንዳለ፣ ማን እንደ ተፋታ አየ። አብረው የቆዩት ያኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ሳሉ ከመቶ ጥሪ 86ቱን ተቀብለው ነበር። የተፋቱት የተቀበሉት ከመቶ 33ቱን ነው። ልብ በል፣ ልጄ። የተፋቱትም ከሦስት አንዱን ይቀበሉ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አብረው የቆዩትም ሁሉንም አልተቀበሉም፤ ከመቶ አሥራ አራቱ አምልጧቸዋል። ስለዚህ የሚጠበቅብህ ፍጹም መሆን አይደለም። የሚጠበቅብህ አብዛኛውን ጊዜ መገኘት ነው።

አሁን «አንዲት ፎቶ አላየሁም ተብሎ እንዴት ትዳር ይፈርሳል?» ትለኝ ይሆናል። በአንዲት ፎቶ አይፈርስም። ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው። የዕቁብ ሰው የሚታመነው በየሳምንቱ ትንሿን ሲጥል ነው። ሳምንቱን ሁሉ እየዘለለ «ለፋሲካ አንድ ላይ እከፍላለሁ» የሚለውን ማንም አያምነውም፤ ገንዘቡን ይዞ ቢመጣም እንኳ አመኔታው አብሮት አይመጣም። ቀን በቀን ጥሪዋን እያለፍክ ለበዓል የሐበሻ ቀሚስ ብትገዛላት፣ ቀሚሱን ትለብሰዋለች። «አለህ ወይ?» ለሚለው ግን መልስ አይሆናትም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይሄኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ጃኒስ ድራይቨር የምትባል አጥኚ ከጎትማን ጋር ሆና፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ተጋቢዎቹ እራት ሲበሉ የተቀረጸውን መረመረች። ከዚያ እነዚያው ሰዎች በማይስማሙበት ጉዳይ ሲከራከሩ የተቀረጸውን ከዚህ ጋር አስተያየችው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በተራው የእራት ሰዓት በጨዋታ የሚጠራሩና በደስታ የሚመላለሱት፣ በክርክራቸውም መሐል ቀልድና ፍቅር ይታይባቸው ነበር። ይህን እኔም በሽምግልና ብዙ ቤት አይቼዋለሁ። በደህና ቀን ቀልዱ ሲመለስለት የኖረ ሰው፣ በጠብ መሐል አንዲት ቀልድ ጣል ቢያደርግ ትያዝለታለች፤ ቁጣውም ይበርዳል። በደህና ቀን ቀልዱ የታለፈበት ሰው ግን በጠብ ቀን መቀለድን አይሞክረውም። ጠቡ ማብረጃ ያጣል። እንግዲህ የጠብህን ቀን የምታዘጋጀው ዛሬ ነው፤ ጠብ በሌለበት ቀን።

አንድ ቤት ልንገርህ። ስማቸውን አልነግርህም፤ ሰፈራቸውንም አልነግርህም። እሱ እህል መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ እሷ መምህርት ናት። እሷ «ልፈታ» አለች፤ እኛ ለሽምግልና ተጠራን። ይመታሻል ወይ? አልናት፤ አይመታኝም አለች። ይጠጣል ወይ? አይጠጣም። ሌላ ሴት አለችው? የለችውም። ገንዘብ ይደብቃል? አይደብቅም። «ታዲያ ምን ጎደለብሽ?» አላት አንዱ ሽማግሌ። «ብቻዬን ነኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ብቻዬን ነኝ የሚል ክስ አልለመድንም።

ከዚያ ሁለቱንም ለየብቻ «የትናንትናን ምሽት ንገሩን» አልናቸው። ነገሩን ሁሉ ተውትና ትናንትን ብቻ።

እሱ እንዲህ አለ፤ «ገባሁ፣ እራት በላን፣ ቡና ተፈላ፣ ጠጥተን በሰላም ተኛን። ምንም ክፉ ቃል አልተነጋገርንም።» እንደ መሰለው ተናገረ፤ አልዋሸም።

እሷ ደግሞ እንዲህ አለች። ሲገባ «ዛሬ ተማሪዎቼ ምን እንዳደረጉ ብነግርህ» አልኩት፤ «እራት ደርሷል?» አለኝ። አቦል ላይ፣ አባቴ ዘንድ ላም ወልዳ ታናሽ እህቴ የጥጃዋን ፎቶ ልካልኝ ነበርና «እያት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት» አልኩት፤ ከራሱ ስልክ ቀና ሳይል «እም» አለኝ። ቶና ላይ አንድ ቀልድ አነበብኩለት፤ «ይሄን ስትለቃቅሚ ነው የምትውዪው?» አለኝ። በረካውን ዝም ብለን ጠጣን።

አየህ፣ ልጄ? አንድ ምሽት ነው። እሱ በሰላም ያለፈ ምሽት አድርጎ ያወራዋል። እሷ ሦስት ጊዜ ጠርታ ሦስቴም መልስ ያጣችበት ምሽት አድርጋ ታወራዋለች። የመጀመሪያው ጥሪ ታለፈ፤ ሁለተኛውም ታለፈ፤ በሦስተኛው ፊት ተነሳች። በረካው ላይ አራተኛ ጥሪ አልነበረም። እሱ ሰላም ያለው ያንን ዝምታ ነው።

በእሷም በኩል ጉድለት ነበር፤ ፍርድ እንዳይዛባ እሱንም ጠየቅነው። ያን ማታ «ኩንታል ሲወርድ ወገቤን ያዘኝ» ብሏት ነበር። «ያንተ ወገብ ደግሞ ያልያዘው ቀን የለም» ብላ መልሳለታለች። እሱም እየጠራ ነበር። የወንድ ጥሪ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ በሕመምና በድካም ተሸፍኖ ይመጣል፤ «ናፍቀሽኛል» ማለት ሲያፍር «ደከመኝ» ይላል። ሁለቱም ይጠራሉ፤ ሁለቱም መልስ ያጣሉ። ሁለቱም ሌላው እንደማይጠራ ያስባሉ።

ታላቅ ተግሣጽ አልሰጠናቸውም። አንድ ነገር ብቻ ለመንናቸው። ለሁለት ሱባኤ፣ ቡናው ቀርቦ ስኒው እስኪነሳ ድረስ፣ ሁለቱም ስልካቸውን ቁም ሣጥን ላይ እንዲያስቀምጡ። ፎቶ ወይም ቀልድ ማሳየት የፈለገ አንስቶ ያሳያል፤ አሳይቶ ይመልሳል። አንዱ ሲናገር ሌላው ቀና ብሎ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል። አንዲት ብቻ። «ጥጃዋን ማን ብላችሁ ልትጠሯት ነው?» ብትል ይበቃል። መጀመሪያ ሰሞን ቲያትር መሰለባቸው፤ አፈሩ። ልማድ የሌለው ነገር ሁሉ ሲጀመር ያሳፍራል። ኋላ ግን የመፍታቱን ነገር ተወችው። አሁንም ይጣላሉ፤ ሲጣሉም ይታረቃሉ።

ከዚህ ቤት አንድ ምልክት ያዝልኝ። ቤት እየራቀ መሆኑ የሚታወቀው በጩኸት አይደለም። የሚታወቀው ጥሪው ሲያንስ ነው። አንድ ጊዜ ጥሪው የታለፈበት ሰው ያንኑ መልሶ የሚያቀርበው ከስንት አንዴ ነው። ፎቶዋን አላየህላትም እንበል፤ «እባክህ እያት» ብላ አትለምንህም። ስልኳን ትመልሳለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ፎቶ ሲመጣላት ለጎረቤቷ ታሳያለች። ቀልዱን ለሥራ ባልደረቦቿ ትነግራለች። ጥሪው አይጠፋም፤ በር ይለውጣል እንጂ። አንተም ከሌላ ሰው አፍ የቤትህን ወሬ መስማት ትጀምራለህ። «ባለቤትህ እኮ ዕድገት አገኘች!» ብሎ ጎረቤት ሲነግርህ፣ ያኔ ብዙ ጥሪ አልፈህ እንደነበር እወቅ። «ሚስቴ እንደ ድሮው አትለፈልፍም፤ ጨዋ ሆናለች» የሚል ወንድ ስሰማ እፈራለታለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ምላሽ አጥቶ የመጣ ዝምታ ግን ወርቅ አይደለም።

ስለ ስልክ ደግሞ ለብቻው ልንገርህ፤ በእናንተ ዘመን ጥሪው የሚበዛው በእሱ ነው። አጠገብህ ያለውን ጥሪ የሚሸፍንብህ እሱ ነው፤ የራቀውን ሰው ጥሪ የሚያመጣልህም እሱው ነው። ስለዚህ መሣሪያውን አልረግምም።

ወንድምህ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ፎቶ ይልክልሃል። ሁለት ዓይነት እንደሆነ ለይ። አንዱ ለመቶ ሰው የሚላክ ነው፤ የበዓል ካርድ፣ የተዘዋወረ ቀልድ። እሱን ብታልፈው ብዙ አይጎዳም። ሌላው ላንተ ብሎ የላከው ነው፤ የተከራያት ክፍል፣ አዲሱ ጫማው፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው። እሱ ጥሪ ነው። ለዚያ አውራ ጣት ልከህ አትለፍ። አንዲት ጥያቄ ጨምርበት፤ «መስኮቷ ወደ የት ያያል? ኪራዩስ ስንት ሆነ?» በለው። ጥያቄ የጠየቀ ሰው ማየቱን አስመሰከረ። አውራ ጣት የላከ ሰው ግን ሳያይም ሊልክ ይችላል፤ ላኪውም ይህን ያውቃል።

እናትህ ደግሞ ጽሑፍ አትልክም፤ ትደውላለች። «ዝናብ ጣለ ወይ?» ብላ ትጠይቅሃለች። ማርቆስ ላይ የጣለው ዝናብ እሷም ሰፈር ጥሏል። «አዎ፣ ጥሏል» ብለህ አትዝጋው። «ጥሏል እማዬ፤ የእናንተ ገብስ እንዴት ሆነ?» በላት። የጠየቀችህ ዝናቡን አይደለም።

አንድ ነገር ግን አትርሳ፤ መልስ ያጣ ጥሪ ሁሉ የተናቀ ጥሪ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ አንተም ታውቃለህ። ውጭ አገር ያለው ልጅ ፎቶ ይልካል፤ አይደርስም። እናት ድምፁን ትጠብቃለች፤ አይመጣም። መስመሩ የዘጋውን ልብ የዘጋው የመሰለው ሰው ነበር። አንተ ግን ከመፍረድህ በፊት ጠይቅ። ሚስትህም መልስ ስትነሳህ መጀመሪያ አለመስማቷን ጠርጥር፤ ንቀቷን ኋላ ትጠረጥራለህ። ብዙ ጊዜ ድካም ነው። ብዙ ጊዜ አሳብ ነው።

አሁን እንዴት እንደምታደርገው ልንገርህ። ሁልጊዜ ነፃ አትሆንም። ሒሳብ እየሠራህ ሳለ ትጠራሃለች። ያን ጊዜ መቀበል ማለት ሥራህን መጣል አይደለም። መጀመሪያ ዓይንህን አንሳ። ቀጥለህ ጊዜውን ንገራት፤ «ይቺን ልጨርስና አሳዪኝ» በላት። ከዚያ ዋናው ይመጣል፤ ስትጨርስ አንተው ተመለስ። «ቅድም ልታሳዪኝ የነበረው ምንድን ነው?» በላት። ብዙ ባል የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያደርግና ሦስተኛው ላይ ይረሳል። «ቆይ» ብሎ የማይመለስ ሰው፣ «ቆይ» የሚለውን ቃል ራሱን የማለፊያ ቃል ያደርገዋል። ያስታወስካት አንዲት ጥሪ ግን ወዲያው ከመለስካት አትተናነስም። ምናልባትም ትበልጣለች፤ ከሄድክ በኋላም እሷን ማሰብህን ታሳያለችና።

ቀልዱ ካላሳቀህስ? በግድ አትሳቅ፤ ታውቅብሃለች። «እኔን አላሳቀኝም፤ አንቺን ምኑ ነው ያሳቀሽ?» በላት። መቀበል ማለት መስማማት አይደለም። መቀበል ማለት ከእሷ ጋር ዞር ብሎ ማየት ነው።

አንተም ስትጠራ ጥሪህን አታደናግር። «አንቺ እኮ መቼም አትሰሚኝም» ብለህ የጀመርከው ጥሪ ክስ ሆኖ ይደርሳል፤ ለክስ ደግሞ ሰው የሚያዘጋጀው መከላከያ ነው። «አምስት ደቂቃ ላውራሽ» በላት። እሷ በክስ ብትመጣብህ ግን ከቃሉ በታች ያለውን ስማ። «ስልክህን አግባው!» ያለችህ ሴት ክፉ ንግግር ተናገረች። ከሥሩ ግን እየጠራችህ ነው። ለክፉ ቃሏ አትመልስላት፤ ለጥሪዋ መልስላት። የምትከሰስበት ቀን ገና ያልረፈደ ቀን ነው።

ምክሬን ካለ ልኩ እንዳትወስደው ደግሞ ላስጠንቅቅህ። የነገርኩህ ቁጥር የአሜሪካ ተጋቢዎች ቁጥር ነው፤ ያውም የብዙዎች አማካይ ነው። ቤትህ ገብተህ ጥሪ እየቆጠርክ «አንቺ ሠላሳ ሦስት ነሽ» እንዳትላት፤ እሱ ራሱ ፊት መንሳት ነው። ደግሞም የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም በቁጥር ብቻ አይለይም። የተፋቀረ ሰው ስለተፋቀረ ይመልሳል፤ ስለመለሰም ይበልጥ ይፋቀራል። ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ለእኛ የሚጠቅመን ይህ ነው፤ ፍቅር በትእዛዝ አይመጣም፤ ቀና ማለት ግን በእጃችን ነው። ከምትችለው ጀምር።

ዱላና ፍርሃት ባለበት ቤት ደግሞ ይህ ምክር ቦታ የለውም። የምትደበደብ ሴት «ጥሪውን ተቀበይ» ተብላ አትመከርም። እዚያ የሚቀድመው እሷን ከጉዳት ማውጣት ነው። አንተ እንዲህ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ሽማግሌ ሆነህ የምትጠራበት ቀን ሲመጣ ግን ይህን ለይተህ እወቅ።

ልጄ፣ አንተ ሰሚ ልጅ ነበርክ። ትንሽ ሳለህ ተረት ስንነግርህ «የላም በረት» የምትለው ከሁሉ ቀድመህ ነበር። ይህ ልማድ አልጠፋብህም፤ ሥራና ስልክ ጋረዱት እንጂ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገባ ባለቤትህ አንዲት ነገር ትልሃለች። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ትልቅ ነገር አይሆንም። ጫማህን ሳታወልቅ መጀመሪያ እሷን ስማት፤ አንዲት ጥያቄም ጠይቃት። ነገም እንዲሁ አድርግ። ትዳርህን እግዚአብሔር ይባርክልህ።